የጥምቀት ዕለት የቀረችው ሠራተኛ

ጎንደር ውስጥ በአንድ ሆቴል የሰው ኃይል ክፍል ስሠራ ነው። በ2017 ዓ.ም. ከጥምቀት ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ አንዲት የክፍል ጽዳት ሠራተኛ ማመልከቻ ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ ጥር 11 መግባት አልችልም። ከወዲሁ ይወቁልኝ» አለችኝ። የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ ናት። የከተራ ዕለት ከመዘምራኑ ጋር ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ታድራለች፤ በማግሥቱ የአጥቢያዋን ታቦት አጅባ ትመለሳለች። ወረቀቱን ፈርሜ ተቀበልኩና ፋይሏ ውስጥ አስቀመጥኩት። ከዚያ በኋላ አላነሳሁትም። ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ የኔ ጥፋት ነው።

የፈረቃ ፕሮግራሙ ሲለጠፍ ስሟ ጥር 11 ጠዋት ላይ ነበር። አልመጣችም። ሆቴሉ ከዳር እስከ ዳር በእንግዳ ተሞልቶ ስለነበር ጓደኞቿ ክፍሎቿን ተካፍለው እስከ ምሽት ሲሠሩ ዋሉ። ጥር 12 ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ የአንድ ቀን ደመወዟ እንዲቆረጥና የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጣት አዘዘኝ። ደብዳቤውን መጻፍ ጀመርኩ። «በአዋጁ አንቀጽ ይህን ያህል መሠረት» የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ ቁጥሩን ለመሙላት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ገለጥኩ።

የሕዝብ በዓላትን የሚመለከተው ክፍል አጭር ነው፤ ከአንቀጽ 73 እስከ 75 ብቻ። የመጀመሪያው በዓላቱ ደመወዝ የሚከፈልባቸው መሆናቸውን ይናገራል። ቀጣዩ በወር ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ በበዓል ቀን ባለመሥራቱ ደመወዙ አይቀነስም ይላል። እኔ ደግሞ «ጥር 11 ባለመሥራትሽ የአንድ ቀን ደመወዝሽ ተቀንሷል» ብዬ ጽፌ አስቀምጫለሁ።

ማስጠንቀቂያው ግን ከቅነሳው ይልቅ አስቸገረኝ። አዋጁ ስለ ትርፍ ሰዓት ሲናገር ሠራተኛ ሊገደድ እንደማይችል፣ የሚሠራውም አደጋ ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲያጋጥም፣ አስቸኳይ ሥራ ሲኖር ወይም ያለማቋረጥ በሚሠራ ሥራ ላይ የቀረን ሰው ለመተካት እንደሆነ በግልጽ ይዘረዝራል። የሳምንት እረፍት ላይም ተመሳሳይ ገደብ አለ። በሕዝብ በዓል ላይ ግን «እምቢ ማለት ይችላል» ወይም «አይችልም» የሚል ዓረፍተ ነገር የለም። አንድ የሕግ ባለሙያ ወዳጄን ስጠይቀው መጀመሪያ የጠየቀኝ ሁለት ነገር ነበር። በሥራ ውሏ ወይም በኅብረት ስምምነታችሁ ላይ በበዓል ተራ እንደምትገባ ተስማምታለች? አለኝ። የለም፤ ውሉ ላይ ስለ በዓል አንድም ቃል አልነበረም። ሁለተኛው፣ ጥምቀት ድንገት ደረሰባችሁ? ጥምቀት በየዓመቱ ጥር 11 ነው። እንግዳው ከወራት በፊት ክፍል ይዟል። ሰው ማዘጋጀት እየተቻለ ያልተዘጋጁበትን ቀን አስቸኳይ ሥራ ነበር ብሎ መከራከር ከባድ ነው።

በላዩ ላይ ማመልከቻዋ ፋይሏ ውስጥ አለ፤ የኔ ፊርማም አለበት። ፕሮግራሙን አይታ፣ ተስማምታ፣ በዕለቱ የጠፋች ሠራተኛ ብትሆን ነገሩ ሌላ ነበር። እሷ ግን አስቀድማ በጽሑፍ አሳውቃለች፤ መልስ ሳይሰጣት ቀርቷል። ይህንን ለሥራ አስኪያጁ ስነግረው ዝም ብሎ አዳመጠኝና «ደብዳቤው ይቅር» አለ። ደመወዟም አልተቆረጠም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። አዋጁን እያነበብኩ ሳለ የሠሩት ሰዎች ሒሳብም ስህተት መሆኑን አየሁ። ሆቴሉ ጥር 11 ለገባ ሁሉ 200 ብር «የበዓል» ብሎ ሰጥቶ ነበር፤ ሠራተኛውም አመስግኖ ተቀብሏል። አንዷን ልውሰድ። የወር ደመወዟ 4,160 ብር ነው። በሳምንት 48 ሰዓት የሚሠራ ሰው በወር 208 ሰዓት ያህል ይሆናልና የሰዓት ደመወዟ 20 ብር ይመጣል። በበዓል ቀን ለተሠራ ለእያንዳንዱ ሰዓት ሁለት እጥፍ ነው፤ ስለዚህ ለመደበኛው 8 ሰዓት 320 ብር። ከ8 ሰዓት በላይ የሠራችው ግን የበዓል ቀን ትርፍ ሰዓት ስለሆነ በሁለት ተኩል ይባዛል፤ ለ3 ሰዓት 150 ብር። ድምሩ 470 ብር። የተሰጣት 200 ነው፤ 270 ብር ይቀራታል።

ሒሳብ ሹሙ አልተስማማም። «አንዱ እጥፍ እኮ በወር ደመወዟ ውስጥ አለ፤ አንድ እጥፍ ብቻ ነው የሚጨመረው» አለኝ። ብዙ ቦታ የሚሰማ ክርክር ነው። እኔ ግን እንዲህ አልኩት፦ ሥራ ያልገባችው ዘማሪም የዚያን ቀን ደመወዟን ሙሉ አግኝታለች። የወር ደመወዙ በዓሉን ላረፈውም ለሠራውም እኩል የሚገባ ከሆነ፣ ሁለት እጥፉ የሚከፈለው ለሥራው ነው። ያንን ከደመወዙ ላይ ካቀናነስነው አዋጁ ሁለት ያለውን እኛ አንድ አደረግነው ማለት ነው። ሥራ አስኪያጁ በዚህ ተስማምቶ ፈረመ።

ከዚያ የሰዓት ማስረጃው አስቸገረን። የፊርማ መዝገቡ ላይ ሁሉም ጠዋት 1 ሰዓት ገብተው 9 ሰዓት ተኩል ወጥተዋል፤ ከፈረሙ በኋላ ነው ወደ ክፍሎቹ የተመለሱት። የትርፍ ሰዓት ትእዛዙንና የተሠራውን ሰዓት መመዝገብ የአሠሪው ግዴታ ነው፤ እኛ ግን አልመዘገብንም። ያዳነን ሱፐርቫይዘሯ ክፍል ጸድቶ ሲያልቅ ሰዓት የምትጽፍበት የክፍል ቅጽ ነው። የመጨረሻው ክፍል 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጸድቶ አልቋል። ከዚያ ተነስተን ሰዓቱን አወጣን።

ለሠራተኞቹም ደስ የማይላቸውን ነገር መናገር ነበረብኝ። ከተራም ጥር 12ም ይታሰብልን አሉ። ለጎንደር ሰው ሦስቱም ቀን በዓል ነው፤ ጥር 12 ሚካኤል ሲገባ ከተማው ሙሉ መንገድ ላይ ነው። በሕግ የሕዝብ በዓል የሆነው ግን ጥር 11 ብቻ ነው። በሌሎቹ ቀናት ከ8 ሰዓት በላይ የሠሩት በመደበኛው የቀን ትርፍ ሰዓት፣ በአንድ ተኩል ታሰበላቸው። የሳምንት እረፍቱ እሑድ የሆነ አንድ ልጅ ደግሞ ጥምቀት የዚያን ዓመት እሑድ ስለዋለ «የእረፍት ቀኔም የበዓሉም ይደመርልኝ» አለ። በዓል ከእረፍት ቀን ጋር ሲገጥም የሚከፈለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቅር አለው።

የባሰ ቅር ያላቸው ግን ያለፈውን ዓመት ጥምቀት የጠየቁት ናቸው። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ካለፈው በይርጋ ይታገዳል። የመስቀልና የገና ሒሳብ ወደኋላ ተሠርቶ ተከፈላቸው፤ የ2016ቱ ጥምቀት ግን ቀረ። ሥራ አስኪያጁን በፈቃድህ ክፈል ብዬ ለመንኩት፤ አልሆነም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው። አዋጁን አንድ ዓመት ቀድሜ ባነበው ኖሮ ገንዘባቸው አይቀርም ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ሃይማኖታዊ የሕዝብ በዓል ዒድ አልፈጥር ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት «በፈቃዴ እገባለሁ» የሚል ባዶ ዝርዝር፣ ከሥሩ የሰዓት ክፍያው ተጽፎ፣ ሠራተኞች ምሳ የሚበሉበት ክፍል ለጠፍኩ። ለሙስሊም ባልደረቦቿ ስትል መጀመሪያ ስሟን የጻፈችው ያቺው ዘማሪ ነበረች።