ስንት መጽሐፍ ነው የምረከበው?

የላይብረሪ ሠራተኛችን ክረምት ሊገባ ሲል ለቀቀች። ትንሽ የግል ትምህርት ቤት ነን፤ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ፣ ለየክፍሉ አንድ ሴክሽን። አስተዳደሩን የምይዘው እኔ ስለሆንኩ የሥራ መዘርዝሩም ክፍት የሥራ ማስታወቂያውም እኔ ላይ ወደቀ።

አሮጌውን መዘርዝር ከፋይል አወጣሁት። ግማሽ ገጽ ነው። ላይብረሪውን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ጸጥታ ያስከብራል። ለጠፉና ለተጎዱ መጻሕፍት ሙሉ በሙሉ ተጠያቂ ይሆናል። ከቅርብ ኃላፊው የሚሰጡትን ሌሎች ተዛማጅ ሥራዎች ያከናውናል። በቃ። መጽሐፍ ያውሳል የሚል አንድም መስመር የለም።

የለቀቀችው ልጅም አታውስም ነበር። ቁም ሳጥኖቹ ተቆልፈው ነው የሚውሉት። ልጆቹ በእረፍት ሰዓት ገብተው እዚያው ያነባሉ፣ ደወል ሲደወል መልሰው ይወጣሉ። መምህራኑ ሰነፍ ይሏታል። እኔ ግን የደመወዝ ፋይሏን አይቻለሁ። በተቀጠረች በመጀመሪያው ዓመት የጠፉ መጻሕፍት ዋጋ ከደመወዟ ተቆርጧል። የውሰት መዝገቡ ከዚያ ወር ጀምሮ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ማን ነው ከኪሱ እየከፈለ የሚያውስ?

ስለዚህ አዲሱን መዘርዝር ከውሰት ጀመርኩ። ያውሳል፣ ያስመልሳል። አዲስ የገባውን መጽሐፍ መዝገብ ላይ ቁጥር ሰጥቶ ያሰፍራል፣ ጀርባው ላይ መለያ ይለጥፋል። ከየክፍሉ ጋር በሳምንት አንድ የንባብ ክፍለ ጊዜ ይይዛል። ዓመቱ ሲያልቅ ይቆጥራል። የተጠያቂነቱን መስመር አወጣሁት።

ባለቤቱ መጀመሪያ ያዩት የጎደለውን ነው።

«ተጠያቂ የሚለው የት ሄደ?»

«ጋሼ፣ ካስከፈልነው ቆልፎ ነው የሚቀመጠው።»

«ታዲያ መጽሐፉ ይጥፋ?»

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን አመጣሁ፣ 1156/2011ን። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ፣ ሠራተኛውም በጽሑፍ ካልተስማማ ከደመወዝ አይቆረጥም። ሲቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝ ሲሶ አይበልጥም። የሒሳብ ኃላፊያችን ከዚህ ሁሉ የሰማችው አንዱን ብቻ ነው። «በጽሑፍ ከተስማማ ይቻላላ! ውሉ ላይ እናስፈርመዋለን።» መስመሩ ተመለሰ። በላዩም ማስታወቂያው ላይ «ተያዥ ማቅረብ የሚችል» ተጨመረ። ደመወዙ «በስምምነት» ተባለ፣ ማለትም ዝቅተኛ ነው። በር ላይ ተለጠፈ፣ ቴሌግራም ላይም ወጣ።

ካመለከቱት አብዛኞቹ ሌላ ሥራ እስኪያገኙ የሚጠብቁ ነበሩ። አንዷ ግን ኮሌጅ ላይብረሪ ውስጥ የሠራች ናት። ኢትዮጵያዊ ደራሲን በማን ስም ትደረድሪያለሽ ስላት፣ «በራሱ ስም፤ በአባቱ ስም ካስቀመጥኩት ማን ያገኘዋል?» አለች። እኔ እዚያው ወስኜ ነበር። የሥራ መዘርዝሩን ስንሰጣት ቀስ ብላ አነበበችው፣ ከዚያ ቀና አለች።

«ስንት መጽሐፍ ነው የምረከበው?»

ባለቤቱ ሁለት ሺህ ገደማ አሉ። የሒሳብ ኃላፊዋ ሺህ ስድስት መቶ አለች። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«የገባው ካልታወቀ የጠፋውን በምን ታውቁታላችሁ?» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ንቀት የለም፤ የእውነት መጠየቋ ነው። «ተቆጥሮ፣ ከሁለት ወገን ተፈርሞ ካልተረከብኩ ተያዥ አላመጣም። የሚያውስ ላይብረሪ ደግሞ በየዓመቱ ጥቂት መጽሐፍ ይጠፋበታል፤ ምንም ካልጠፋ አላዋሰም ማለት ነው። ያጠፋው ልጅ ያንኑ መጽሐፍ ገዝቶ ይተካ። እኔን በቸልተኝነቴ ጠይቁኝ።»

እኔ አዋጅ ጠቅሼ ያላገኘሁትን እሷ በአንድ ጥያቄ አገኘች። በእርግጥ ባለቤቱን የማረካቸው ወላጅ ይተካል የሚለው ይመስለኛል።

በጳጉሜን ተቆጠረ። 1,143 ሆነ፣ ያውም በአሮጌው ሥርዓተ ትምህርት የታተሙትን መማሪያ መጻሕፍት ጨምሮ። ሺህ ስድስት መቶዋ ከየት እንደመጣች የሒሳብ ክፍል እስከ ዛሬ አላስረዳም፤ እኔም አልጠየቅኩም፣ በየስብሰባው ከማንሳት በቀር። ውሉ ላይ «በቸልተኝነቱ መጥፋቱ ለተረጋገጠ መጽሐፍ» ተብሎ ተስተካከለ። ልጆቹ አሁን መጽሐፍ ይዘው ቤታቸው ይሄዳሉ።

በዚህ ሁሉ ክርክር ማንም ያልነካው የመጨረሻውን መስመር ነው፣ ሌሎች ተዛማጅ ሥራዎችን። ፈተና ሲደርስ ላይብረሪው ይቆለፋል፤ ሠራተኛዋ ማባዣ ክፍል ገብታ የጥያቄ ወረቀት ታባዛለች። ይሄ ምኑ ነው ተዛማጅ ብዬ የሒሳብ ኃላፊዋን ጠየቅኳት።

«ወረቀት አይደል እንዴ?» አለችኝ።