ከመጨረሻው ኢንተርቪው በኋላ ሪክሩተሯን ስለ ውሳኔው ቀን መጠየቅ

አሜሪካ ውስጥ የመጨረሻውን ኢንተርቪው ካደረገ በኋላ መልስ ሳይሰጠው የሚቆይ ሰው ብዙ ነው። የእኛ ሰው ደግሞ እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ይሉኝታ ይዞት ሦስት ሳምንት ይጠብቃል፤ ሌላው በማግስቱ ይደውላል፣ ከሰዓት ኢሜይል ይልካል፣ ማታ ሊንክድኢን ላይ ይጽፋል። ሁለቱም አያዋጣም። ቀኑን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ለአመልካቾች መልስ መስጠት የሪክሩተሯ ሥራ ነው። ጥያቄው ያለው መቼና እንዴት እንደሚጠየቅ ላይ ነው።

መጀመሪያ ውስጥ ምን እየተካሄደ እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። ኢንተርቪው ያደረጉት ሰዎች እያንዳንዳቸው አስተያየታቸውን ጽፈው ያስገባሉ፤ ብዙ ጊዜም ተሰብስበው ይነጋገራሉ። ሌላ አመልካች ገና ኢንተርቪው ካልጨረሰ እሱ ይጠበቃል። ከተመረጠ በኋላም ደመወዙን የሚያጸድቅ አለ፤ እሱ ዕረፍት ላይ ከሆነ ወረቀቱ እዚያው ይቆያል። አንዳንዴ ደግሞ ለሌላ ሰው ኦፈር ተልኮ መልሱ እስኪመጣ ሁለተኛው ሰው «አይ» ሳይባል ይቆያል። ስለዚህ ዝምታው ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ከዚህም ሌላ፣ የምትቀጥረው ሪክሩተሯ አይደለችም፤ የሚወስነው የክፍሉ ኃላፊ ነው። «አለፍኩ ወይ?» ብትሏት ልትመልሰው የማትችለውን ነው የጠየቃችኋት። «ውሳኔው መቼ ይጠበቃል?» ብትሏት ግን ወይ ታውቀዋለች፣ ወይ ጠይቃ ትነግራችኋለች።

ከሁሉ የሚቀለው ኢንተርቪው ሲያልቅ፣ ገና ሳትነሡ፣ «ቀጣዩ እርምጃ ምንድን ነው? መቼ አካባቢ ልጠብቅ?» ማለት ነው። ያኔ የተነገራችሁ ቀን በኋላ ለምትጽፉት ኢሜይል መነሻ ይሆናል። የምስጋናው መልእክት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱ በ24 ሰዓት ውስጥ ይላካል፣ የቀን ጥያቄም አይጨመርበትም።

ቀን ከተነገራችሁ ያ ቀን አልፎ አንድ ወይም ሁለት የሥራ ቀን ጠብቁ። ሐሙስ ኢንተርቪው አድርጋችሁ «በሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ እናሳውቃለን» ከተባላችሁ፣ ያ ማለት እስከ ዓርብ ማታ ነው። ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት መጻፍ ልክ ነው። ሰኞ ጠዋት ቅዳሜና እሑድ የተከማቸው ኢሜይል የሚጸዳበት ሰዓት ስለሆነ የእናንተም አብሮ ሊዋጥ ይችላል። ምንም ቀን ካልተነገራችሁ አምስት የሥራ ቀን ያህል መጠበቅ ይበቃል። ቅዳሜ፣ እሑድና የሕዝብ በዓል አይቆጠሩም። የታንክስጊቪንግ ሳምንትና ከገና እስከ አዲስ ዓመት ያሉት ቀናት ደግሞ በካላንደር ላይ የሥራ ቀን ቢመስሉም ፈራሚ የማይገኝባቸው ናቸው፤ እነሱንም እንደሌሉ ቁጠሯቸው።

አዲስ ኢሜይል አትክፈቱ። ኢንተርቪው የተቀጠረበትን የድሮውን ኢሜይል ከፍታችሁ እዚያው ላይ መልሱ፤ የሥራው መጠሪያ፣ ቀኑና የቀድሞው ንግግር ከሥር ስለሚታይ ማን እንደሆናችሁ ለማወቅ አትደክምም። ሪክሩተር በአንድ ጊዜ ብዙ ክፍት ቦታ ነው የምትይዘው። እዚህ ላይ የእኛን ሰው በተለይ የሚያሰናክለው ስም ነው። ማመልከቻው ላይ የፓስፖርት ስም ከነአባት ስም ተሞልቶ፣ ኢሜይሉ ላይ ደግሞ «ሚኪ» ወይም «ቤቲ» ብቻ ይታያል። እሷ በሲስተሙ የምትፈልገው ማመልከቻ ላይ ባለው ስም ስለሆነ፣ ከኢሜይሉ ግርጌ ያንኑ ስም ሙሉውን ጻፉ።

መልእክቱ በአማርኛ ቢባል ይህን ይመስላል፦

«ሰላም፣ እንደምን ሰነበቱ። ከባለፈው ሳምንት በፊት በነበረው ሐሙስ ለዳታ አናሊስት ቦታ ከቡድኑ ጋር ስለተነጋገርን አመሰግናለሁ፤ ሥራውን አሁንም በጣም እፈልገዋለሁ። ውሳኔው እስካለፈው ዓርብ እንደሚታወቅ ተነግሮኝ ነበር። የጊዜ ሰሌዳው ተለውጦ ከሆነ አሁን መቼ እንደሚጠበቅ ቢያሳውቁኝ? ከእኔ የጎደለ መረጃ ካለ እልካለሁ።»

በዚህ ላይ አትጨምሩ። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በመጠሪያ ስሟ ሰላም ማለት በቂ ነው፤ «የተከበሩ እመቤት» ዓይነት አጠራር የአገሩን ልማድ የማያውቅ ሰው ያስመስላችኋል። «ስላስቸገርኩ ይቅርታ» ብሎ መጀመርም ለእኛ ጨዋነት ነው፣ ለእሷ ግን ጥፋት የሠራ ሰው ደብዳቤ ይመስላል። የቤት ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት፣ የቪዛ ጭንቀት እዚህ ቦታ የላቸውም። ለክፍሉ ኃላፊም በጎን አትጻፉ፤ እሱ ወደ እሷ ያስተላልፈዋል፣ እሷም እንደታለፈች ታውቃለች።

ሌላ ቦታ ኦፈር ካላችሁ ነገሩ ይለወጣል፤ ያኔ አምስት ቀን አይጠበቅም። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት አመልካች እንውሰድ። ሐሙስ የመጨረሻውን ኢንተርቪው አደረገች፤ ዓርብ ከሌላ ድርጅት የጽሑፍ ኦፈር መጣላት፣ መልሱንም እስከ ቀጣዩ ዓርብ ይፈልጋሉ። በዚያው ቀን ለሪክሩተሯ ትጻፍ፦ ሌላ ኦፈር እንዳላት፣ መልስ መስጠት ያለባት እስከ ዓርብ መሆኑን፣ ይህኛውን ቦታ እንደምትመርጥና እስከ ረቡዕ አንድ ነገር ማወቅ ይቻል እንደሆነ። ረቡዕ ያለችው ለመደራደሪያና ለማሰቢያ ሁለት ቀን እንዲተርፋት ነው። የድርጅቱን ስምና የደመወዙን ልክ መናገር ግዴታ የለባትም። በሌለ ኦፈር ማስፈራራት ግን አደገኛ ነው። «እንግዲያውስ ያንን ተቀበይው፣ እኛ አንደርስም» ከተባለች መመለሻ የላትም። ረቡዕ መልስ ከሌለ ሐሙስ ጠዋት አንድ ጊዜ ትደውል። በዚያው ጊዜ ኦፈር የሰጧትን ሁለትና ሦስት ቀን እንዲጨምሩላት መጠየቅም የተለመደ ነው። ሪክሩተሯ ካሊፎርኒያ ከሆነች የሦስት ሰዓት ልዩነት አለ፤ ሜሪላንድ ረፋድ አምስት ሰዓት ሲሆን እዚያ ገና ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው።

መልሱ ሲመጣ ማንበብም ይጠይቃል። «በዚህ ሳምንት ኢንተርቪው የምናደርገው ሁለት ሰው ቀርቶናል» ዓይነት ምክንያትና ቀን ያለው መልስ ጥሩ ነው፤ ቀኑን ያዙና ከዚያ በኋላ እንደገና አንድ ቀን ጠብቁ። «ገና እየተነጋገርን ነው» ብቻ ተብሎ ቀን ካልተጠቀሰ፣ ሁለተኛ ምርጫ ሆናችሁ የመቆየት ዕድል አለ፤ ሌላ ማመልከት አታቋርጡ። ቦታው ለጊዜው ቆሟል ከተባለ ጉዳዩ የበጀት ነው፤ መቼ ሊከፈት እንደሚችል ጠይቁና ተዉት። ምንም መልስ ካልመጣ ከአንድ ሳምንት በኋላ አንድ ሁለተኛ አጭር ኢሜይል ይላካል። ሦስተኛ የለም።

«ተመርጠሃል» የሚል ስልክ ከመጣም የቀን ጥያቄ አላለቀም። የጽሑፍ ኦፈሩ መቼ እንደሚደርስና የጀርባ ታሪክ ማጣራቱ ስንት ጊዜ እንደሚወስድ እዚያው ጠይቁ። የትምህርት ማስረጃችሁ ወይም የቀድሞ ሥራችሁ ኢትዮጵያ ከሆነ ማጣራቱ ሊዘገይ ስለሚችል ቀድማችሁ ንገሯት፤ የትራንስክሪፕትና የሥራ ልምድ ደብዳቤ ቅጂም አዘጋጁ። አሁን ላላችሁበት ሥራ የሁለት ሳምንቱን የሥራ መልቀቂያ ማስጠንቀቂያ የምትሰጡት ኦፈሩ ተፈርሞ ማጣራቱ ካለቀ በኋላ ነው።