የፊቱ ረድፍ ቀድሞ ይፈታል

የእህቷ ሰርግ ቅዳሜ ነው፤ እሷ ወደ ፀጉር ቤታችን የመጣችው ሐሙስ ከሰዓት ነው። ራሷ ላይ ያለው ሹሩባ ተፈቶ፣ ፀጉሯ ታጥቦ፣ እዚያው ቀን አዲስ ሹሩባ እንዲሠራላት ፈልጋለች። የሚጨመረውን ዊግም እስከ ወገብ የሚደርስ አድርጋ ገዝታ በከረጢት ይዛ መጥታለች። የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት። ሥራ ላይ ፀጉር መለቀቅ ስለሌለበት ከጠዋት እስከ ማታ ወደ ላይ ሰብስባ አናቷ ላይ ትጠቀልለዋለች። የያዘችው ሹሩባ አራት ወር ሊሞላው ጥቂት ነው የቀረው።

ሹሩባ ከመፍታቴ በፊት ሁልጊዜ የማየው የፊቱን ጠርዝ ነው። ግንባሯን ወደ መብራቱ መለስ አድርጌ ሳይ፣ በሁለቱም የግንባር ጥጎች ላይ ጫፋቸው ነጣ ያለ ትናንሽ እብጠቶች በሹሩባዎቹ ሥር ተሰልፈዋል። ከግራ ጆሮዋ በላይ ደግሞ ጣት የሚያህል ቦታ ሳስቷል። ከዚያ ቦታ ፊት ለፊት፣ በጠርዙ ላይ ቀጫጭን አጫጭር ፀጉሮች እንደ መስመር ቀርተዋል። እነዚህ ፀጉሮች ከማጠራቸው የተነሳ ሹሩባው ውስጥ ሳይገቡ የቀሩ ናቸው። ከኋላቸው ያለው ሳስቶ እነሱ ብቻ ሲቀሩ፣ ፀጉሩ የሳሳው በመጎተት እንደሆነ ጥሩ ምልክት ነው፤ የቆዳ ሐኪሞችም ይህንኑ ይፈልጋሉ።

«መቼ ነበር ያመመሽ?» አልኳት።

«የተሠራሁ ዕለት ሌሊት ነዋ። በጎኔ መተኛት አቅቶኝ ማስታገሻ ዋጥኩ። የሠራችኝ ልጅ በሦስት ቀን ይለምድልሻል ብላኝ ነበር፤ እውነትም ለመደልኝ።»

ይህን «ለመደልኝ» የሚለውን ቃል በሥራዬ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! የራስ ቆዳ ግን መጎተትን አይለምድም። ፀጉር በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ ሥሩ ትንሽ ሲላላ ሕመሙ ይቀንሳል። አንዳንዱ ፀጉር ደግሞ ተነቅሎ ወይም ተሰብሮ ስለሚወጣ የሚጎተተው ይቀንሳል። ሕመሙ ቢጠፋም ጉዳቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደርሷል ማለት ነው። ስለዚህ ቅንድብ ሲነሳ ግንባር ከተወጠረ፣ ትራስ ላይ ጋደም ማለት ካቃተ ወይም በሹሩባው ሥር ያለው ቆዳ ወደ ላይ ተስቦ እንደ ድንኳን ከቆመ፣ የሚያስፈልገው ማስታገሻም ቅባትም አይደለም። የሚያመው ረድፍ ያን ዕለት ማታውኑ መፈታት አለበት። የሚያመው ደግሞ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል የፊቱና የጆሮ ዙሪያው ነው፤ እዚያ ያለው ፀጉር ቀጭን ነው። ኋላው ምንም ካልሆነ እንዳለ ይቀመጥ፤ ሁሉንም ማፍረስ ግድ አይደለም።

የእሷን ነገር ያባሰው ሁለተኛ ምክንያት ርዝመቱና ጊዜው ነው። ሹሩባ አዲስ ሲሆን ሥሩ ቆዳው ላይ ስለሚያርፍ ክብደቱን በዚያ ክፍል ያሉት ፀጉሮች ሁሉ ይካፈሉታል። ሲያድግ ግን ቋጠሮው ከቆዳው ይርቅና ይንጠለጠላል፤ በተራመዱ ቁጥር ይወዛወዛል፤ ወደ ላይ ሲጠቀለል ይጠማዘዛል። በየቀኑ በተፈጥሮ የሚረግፈው ፀጉር ከክብደት ተሸካሚዎቹ ላይ እየተቀነሰ ሄዶ የቀሩት ጥቂቶች የወገብ ርዝመት ያለው ዊግ ይሸከማሉ። እሷ ላይ ሥሩ ሦስት ጣት ያህል አድጎ ነበር። እኔ አንድ ጣት ተኩል ሲያልፍ መፍታት ይሻላል እላለሁ፤ በጊዜ ሲታሰብ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት መሆኑ ነው።

እየፈታሁ «ታጥበሽው ታውቂያለሽ?» ስላት፣ እንዳይንጨባረርባት ብላ አንድም ቀን ውሃ እንዳላስነካችው ነገረችኝ። ሲያሳክካት በመስመሮቹ ላይ ዘይት ትቀባለች። ዘይቱ ለጊዜው ያስታግሳል፤ ከዚያ ከላብ፣ ከአቧራና ከሚረግፈው ቆዳ ጋር ተጣብቆ በእያንዳንዱ ሹሩባ ሥር ግራጫ ቀለበት ይሠራል። ፎሮፎር ላለበት ሰው ደግሞ ይብሳል፤ ፎሮፎርን የሚያባብሰው የራስ ቆዳ ላይ ያለው እርሾ መሰል ፈንገስ የሚመገበው ቅባት ነው። እናቶቻችን ለጋ ቅቤ ይቀቡ የለ ወይ የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አዎ፣ ይቀቡ ነበር። ነገር ግን በራሳቸው ፀጉር ላይ ነው፤ ቅቤው ጥቂት ቀን ቆይቶ ይታጠባል፤ ሹሩባውም ይፈታል። በዊግ ስር ተደፍኖ ወራት የሚቆይ ቅባት ከዚያ ጋር አንድ አይደለም።

አጠባቡን እዚያው ወንበሩ ላይ እያለች አሳየኋት። አፉ ቀጭን በሆነ ጠርሙስ አንድ እጅ ሻምፖ ለአራት እጅ ለብ ያለ ውሃ ይበጠበጣል። ወፍራም ሻምፖ በቀጥታ ከፈሰሰ ሹሩባው ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ሲደርቅም ያሳክካል፤ የሚነሳው ነጭ ነገር ፎሮፎር ይመስላል። የተበጠበጠው በመስመሮቹ መሃል፣ ቆዳው ላይ ብቻ ይፈስሳል። ከዚያ በጣት ሥጋ፣ ያለ ጥፍር፣ ባለበት ቦታ ጫን ጫን ማድረግ ነው። ፀጉሩን ማሸት አያስፈልግም፤ የሚንጨባርረው እሱ ነው። ወርዶ የሚያልፈው አረፋ ለሹሩባው ይበቃዋል። ማለቅለቁ ከመታጠቡ ይረዝማል፤ ውሃው ጥርት ብሎ እስኪወርድ ይቀጥላል። ስለዚህ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያለ ሰው በግማሽ ጀሪካን ከሚጀምር ውሃው የሚመጣበትን ቀን ቢጠብቅ ይሻለዋል። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ እንዲህ መታጠብ ይበቃል፤ ስፖርት የሚሠራ ወይም ብዙ የሚያልበው ቶሎ ቶሎ ይታጠብ።

ብዙዎች የሚዘነጉት ማድረቁን ነው። ሹሩባው ላዩ ደርቆ ሥሩ እርጥብ ሆኖ ይቆያል። በዚያ ላይ ሻሽ ታስሮ ከታደረ ጠዋት ይሸታል፤ ማሳከኩም ይመለሳል። ውሃውን በጥጥ ጨርቅ ጨምቆ ማውጣት፣ ከዚያ ካስክ ስር በዝቅተኛ ሙቀት ወይም ፀሐይ ላይ ሥሩ እስኪደርቅ መቀመጥ ያስፈልጋል። ማታ ከሚታጠቡ ጠዋት መታጠብ የተሻለ ነው።

አፈታቱም ትዕግሥት ይፈልጋል። የራሷ ፀጉር የት እንደሚያበቃ በጣቴ ዳስሼ ካረጋገጥኩ በኋላ ከዚያ በታች ያለውን ዊግ ቆረጥኩ። ሥሩ ላይ ያለው ቀለበት ውሃ ቀድሞ ካገኘው እንደ ሱፍ ተጠቅጥቆ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ገና በደረቁ ኮንዲሽነር በብዛት አድርጌ ትንሽ አቆየሁትና በጣት ከፈልኩት። ሚዶ የገባው ከዚያ በኋላ፣ ከጫፍ ጀምሮ ነው። ሲያልቅ መሬት ላይ የተከማቸውን አይታ እንባዋ መጣ።

ከክምሩ አንስቼ አሳየኋት። ከሰው ራስ በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይረግፋል። ሹሩባ ውስጥ የረገፈው መውጫ ስለሌለው እዚያው ይጠራቀማል፤ በአራት ወር ሺዎች ይሆናል። ረጅም ሆኖ ሥሩ ላይ ነጭ ነጥብ ያለው ፀጉር ብዙውን ጊዜ በወጉ የረገፈ ነው። የሚያሳስበው ነጥብ የሌለው አጭር ስባሪ ሲበዛ ነው። የእሷ ክምር አብዛኛው የወጉ ነበር። ከግንባር ጥጎቹ የወጣው ግን ስባሪ ነበር።

አዲሱን ሹሩባ አልሠራም አልኩ። መግል የያዘ ቆዳ ላይ እንደገና መሳብ ቁስሉን ያሰፋዋል። ባልደረባዬ በዚህ አልተስማማችም፤ «ሰርግ እኮ ነው፤ ላላ አድርገሽ ሥሪላት፣ ከሰርጉ በኋላ ትፈታዋለች» አለች። አስተሳሰቧ ክፋት የለበትም፤ ግን የወገብ ዊግ ላላ ተደርጎ ቢሠራም ክብደቱ ያው ነው። የቤቱ ባለቤት እትዬ መጥተው በመነጽራቸው ጠጋ ብለው አዩትና «የመፍቻና የማጠቢያውን ብቻ ተቀበያት» ብለው ጨረሱት። እኔም ከጆሮ ወደ ኋላ ያለውን ጤነኛ ፀጉር ብቻ ሰፋ ሰፋ አድርጌ ያለ ዊግ ሠራሁት። የፊቱን ያለ ጄል፣ ሳልጎትት ወደ ኋላ መለስኩት። በሐበሻ ቀሚስና በነጠላ አምሮባት እንደነበር ፎቶውን ልካልኝ አይቻለሁ። ዊጉን መለሰችው።

እብጠቱ በሳምንት ካልደረቀ፣ ከሰፋ ወይም ትኩሳትና ከጆሮ ኋላ የንፍፊት ማበጥ ከመጣ ሐኪም ዘንድ እንድትሄድ ነግሬያት ነበር። መጎተቱ ስለቆመ ደረቀ። በቀጣዮቹ ወራት በግንባር ጥጎቹ ላይ ቀጫጭን አዳዲስ ፀጉሮች ብቅ አሉ። ከጆሮ በላይ ያለው ቦታ ግን ለስልሶ አብረቀረቀ፤ ፀጉር የሚወጣበት ቀዳዳም አይታይም ነበር። ይህ ለፀጉር ሠሪ የማይበቃ ነገር ስለሆነ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል እንድትታይ አደረግሁ። ሐኪሙ ለዙሪያው የሚቀባ መድኃኒት ሰጣት፤ ጠባሳ የሆነው መሃሉ ግን እንደማይመለስ በግልጽ ነገራት።

አሁንም ትመጣለች፤ ሹሩባ መተው አልፈለገችም፤ እኔም ተዪ አላልኳትም። ዊጉ ከትከሻ አያልፍም። የፊት ክፍሎቹን ሰፋ አድርጌ፣ በጠርዙ ያሉትን ቀጫጭን ፀጉሮች ከውጭ ትቼ፣ ዊጉን ከሥሩ ሳይሆን ጥቂት ጣት ዝቅ ብዬ እጨምራለሁ። እየሠራሁ ቅንድብሽን አንሺ እላታለሁ፤ ከወጠራት ያንን ረድፍ ወዲያው እፈታዋለሁ። ሥራ ላይ አናቷ ላይ መጠቅለሉን ትታ ማጅራቷ ላይ በሰፊ ጨርቅ ላላ አድርጋ ታስረዋለች። በአራተኛው ሳምንት መጥታ የፊቱን ሁለት ረድፍ አስፈትታ እዚያው ሳትሠራ ትለቀዋለች፤ የቀረውን በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ሳምንት እንፈታለን፤ ከዚያ ፀጉሯ ሁለት ሳምንት ያርፋል። ከግራ ጆሮዋ በላይ ባለው ቦታ ዙሪያ ግን ዊግ ጨርሶ አልጨምርም።