18 ሳንቲሜትሩ የት ሄደ?

አንድ ኩርባ ላይ አስፋልቱ በአዲስ ተነጥፎ የሥራው ርክክብ ተፈጸመ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ቢሯችን መጣ። «ዝናብ ሲዘንብ መኪናው ወደ ውጭ ይሸሸኛል። ድሮ እንዲህ አልነበረም» አለን። የፍጥነት ምልክቱ 50 ነው፤ እሱም ከዚያ አላለፍኩም ይላል።

አለቃዬ ራሳቸው በደረቁ ቀን በ60 ነድተው ተመለሱ። «ምንም የለውም። አስፋልቱ እኮ አዲስ ነው!» አሉ።

እኔ 3 ሜትር ቀጥ ያለ እንጨትና ውሃ ልክ ይዤ ሄድኩ። በዲዛይኑ መሠረት የመንገዱ የውጭ ጠርዝ ከፍ ብሎ 6 በመቶ መዘንበል ነበረበት። ይህ በ3 ሜትር ላይ 18 ሳንቲሜትር ልዩነት ነው። ያገኘሁት 1 ሳንቲሜትር እንኳ አይሞላም። አንጣፊዎቹ ኩርባውን ሜዳ አድርገውታል።

ቢሮ ተመልሼ ወረቀት ላይ አሰላሁት። መኪና ሳይንሸራተት ኩርባውን የሚያልፍበትን ከፍተኛ ፍጥነት የሚሰጠው ቀመር ይኸው፤ v ፍጥነቱ፣ r የኩርባው ራዲየስ፣ g የመሬት ስበት፣ μ የጎማውና የአስፋልቱ ሰበቃ፣ tanθ ደግሞ ዝንባሌው ነው፦

v² = r·g·(μ + tanθ) / (1 − μ·tanθ)

የኩርባው ራዲየስ 60 ሜትር ነው። ለእርጥብ አስፋልት ሰበቃውን 0.3 ወሰድኩ። ዝንባሌው 6 በመቶ ሲሆን ጣሪያው በሰዓት 53 ኪሎ ሜትር ግድም ይወጣል። ዝንባሌው ሲጠፋ ቀመሩ v² = μ·g·r ብቻ ይሆናል፤ ጣሪያውም ወደ 48 ይወርዳል። ምልክቱ ግን አሁንም 50 ይላል። የመኪናው ክብደት ቀመሩ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ የሹፌሩ ጭነት አይደለም ያንሸራተተው።

በደረቅ አስፋልት ሰበቃው 0.7 ቢሆን፣ ሜዳ የሆነው ኩርባ እስከ 73 ይይዛል። አለቃዬ በ60 ሲነዱ ምንም ያልተሰማቸው ለዚህ ነው።

ወረቀቱን ዘርግቼ አስረዳኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ጣታቸውን 0.3 ላይ አሳርፈው «ይህችን ማን ለካልህ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ከልምድ የወሰድኩት ቁጥር ነው። ሰበቃው 0.4 ቢሆን ሜዳው ኩርባ 55 ይይዛል፤ ክርክሬም ይፈርሳል። ዝንባሌውን በእጄ ለክቼ፣ ውጤቱን የሚወስነውን ቁጥር ግን ገምቼ ነበር የሄድኩት። ያቺ ጥያቄ እስከ ዛሬ ትቆጠቁጠኛለች። ትክክል ነበሩ።

ግን ዝም አላልኩም። «ጋሼ፣ እስኪለካ ድረስ ምልክቱን 40 እናድርገው። በ40 የሚያስፈልገው ሰበቃ 0.21 ብቻ ነው። ግምቴ ቢሳሳት እንኳ ማንም አይጎዳም። የእርስዎ ቢሳሳት ግን ሹፌሩ ገደል ይገባል» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና እስክሪብቶ ጠየቁኝ። ምልክቱ በማግስቱ ተቀየረ። ሰበቃው ሳይለካ ሦስት ሳምንት አለፈ። ሦስቱንም ሳምንት ዝናብ በጣለ ቁጥር ስልኬን አየው ነበር።