ከስክሪንሾት የወጣ ነጥብ

ዛሬ ከቴሌግራም ያጠራቀምኳቸውን የሥራ ማስታወቂያ ስክሪንሾቶች ይዤ ደሴ ቤቴ ቁጭ አልኩ። ደመወዝ «በስምምነት» ያሉትን ለብቻ አስቀመጥኳቸው፤ ያልተጻፈ ደመወዝ ዜሮ ማለት አይደለማ። ሁለት ቀሩ፦ ኮምቦልቻ 14,000 ብር፣ እዚሁ ደሴ 12,000።

ለደመወዝ 40 በመቶ፣ ለመንገድ 25፣ ለሥራ ሰዓት 20፣ ለጥቅማጥቅም 15 ክብደት ሰጠሁ። ሁሉንም ከ10 ሳርም ለትልቁ ደመወዝ 10፣ ለትንሹ 0 አልኩ። ኮምቦልቻ 6.95፣ ደሴ 4.05 መጣ። እህቴ ቡናውን እየቆላች አየት አድርጋ «12,000 ብር ዜሮ ነው እንዴ አንተ?» አለችኝ። አፈርኩ። የ2,000 ብር ልዩነት የሰማይና የምድር ያህል ሆኖልኝ ነበር።

መለኪያውን ከራሴ ኑሮ አነሳሁት፦ 8,000 ብር 0፣ 16,000 ብር 10። አሁን ደመወዙ 7.5 እና 5 አገኘ፤ ድምሩ ኮምቦልቻ 5.95፣ ደሴ 6.05። በ0.1 ማን ይወስናል? ደመወዙን 45፣ መንገዱን 20 ባደርግ ኮምቦልቻ ተመልሶ ይመራል።

ለኮምቦልቻ መንገድ 3 የሰጠሁት የሐረጎን ዳገት ጠዋት ማታ መውረድና መውጣቱን አስቤ ነው። ስክሪንሾቱ ግን ከታች ተቆርጧል። ዋናውን ፖስት ፈልጌ ሳገኘው የመጨረሻው መስመር «ሰርቪስ አለ» ይላል። ታክሲውን እንጂ ሰዓቱን ስለማያስቀርልኝ 5 አደረግኩት፤ በመጀመሪያው ክብደት የኮምቦልቻ ድምር 6.45 ሆነ።

ነገ ደውዬ መጀመሪያ የምጠይቀው ሰርቪሱ ደሴ ድረስ ይመጣ እንደሆነ ነው።