ደንበኛው ካልተገኙበት ስብሰባ በኋላ የተላከ አጭር ኢሜይል

የምመራው የሽያጭ ክፍል ለጅምላ አከፋፋዮች የመጋዘን ዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ይሸጣል። ከደንበኛ ጋር የምንነጋገረው በአብዛኛው በቪዲዮ ስብሰባ ስለሆነ፣ የተቀጠረ ሰው ሳይገባ ሲቀር ማየት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ከቡድናችን ወጣት ሻጮች አንዱን የገጠመው ግን፣ ከዚያ በኋላ የሚላከው ኢሜይል እንዴት መጻፍ እንዳለበት በሚገባ ያሳየናል።

ቀጠሮው ማክሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ፣ ለግማሽ ሰዓት፣ ከአንድ አከፋፋይ ድርጅት የግዢ ኃላፊ ጋር ነበር። ሰውየው ቀደም ብለው በስልክ ችግራቸውን በግልጽ ነግረውታል፦ በሁለቱ መጋዘኖቻቸው የሚቆጠረው ዕቃ ከመዝገቡ ጋር አይገጥምም፤ ወር በመጣ ቁጥር ሠራተኞቹ ልዩነቱን ሲያስታርቁ ይከርማሉ። ወጣቱ ይህንኑ የሚመለከት ገለጻ አዘጋጅቶ ጠበቀ። ሩብ ሰዓት አለፈ፤ ማንም አልገባም። አንድ ጊዜ ደወለ፤ ስልኩ አልተነሣም። ደጋግሞ ባለመደወሉ ደስ አለኝ፤ ስብሰባ ላይ ያለ ሰው ስልኩን ሲመለከት ከአንድ ቁጥር አምስት ያመለጡ ጥሪዎች ቢያገኝ መጨነቁ አይቀርም።

ወዲያው ኢሜይል መጻፍ ሲጀምር ግን አስቆምሁት። መጀመሪያ የስብሰባውን ግብዣ አብረን ከፈትን። ግብዣው ወደ ትክክለኛው አድራሻ ሄዷል? ተቀብለውታል? ሊንኩ ከውጭ ለሚገባ ሰው ይከፈታል? ሰዓቱ በእርሳቸውም በኩል ያው ነው? ጉድለቱ ከእኛ ከሆነ የሚጻፈው ሌላ ኢሜይል ነው፤ ይቅርታ የምንጠይቀው እኛ ነን። ሁሉም ትክክል ሆኖ አገኘነው። ግማሹ ሰዓት እስኪያልቅም ጠበቅን። ዘግይቶ ሊገባ የተነሣ ሰው ሊንኩን ሲፈልግ «አልተገኙም» የሚል መልእክት ቢደርሰው ያፍራል፤ ያፈረ ሰው ደግሞ መልስ ለመስጠት ይዘገያል።

ከዚያ ረቂቁን አነበብሁት። ልጁ ጨዋ ነው፤ በረቂቁ ውስጥ አንድም የስድብ ቃል አልነበረም። ይሁን እንጂ እንዲህ ይጀምራል፦ «በቀጠሯችን መሠረት ከ4 ሰዓት ጀምሮ ብጠብቅዎትም ሳይገኙ ቀርተዋል፤ ስልክም ደውዬ አላነሡም።» ቀጥሎ ስለ ድርጅታችን አንድ ረጅም አንቀጽ አለ። ከሥሩ ደግሞ ሦስት አማራጭ ሰዓቶች፣ የቀጠሮ መያዣ ሊንክ፣ «ወይም እኔ ልደውልልዎት» የሚል ሐሳብ፣ እንዲሁም ብሮሹርና የዋጋ ዝርዝር በአባሪነት።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የክስ መዝገብ ይመስላል። የተባለው ሁሉ እውነት ነው፤ ሆኖም አንባቢው መልስ ከመስጠቱ በፊት ራሱን መከላከል ይኖርበታል። የባሰው ግን መጨረሻው ነው። ያ ኢሜይል የግዢ ኃላፊውን አምስት ነገር ይጠይቃቸዋል፦ ሰዓት ይምረጡ፣ ሊንኩን ይክፈቱ፣ ስልክ ይጠብቁ፣ ብሮሹሩን ያንብቡ፣ ዋጋውን ይመልከቱ። ሥራ የበዛበት ሰው እንዲህ ያለውን «በኋላ በደንብ አየዋለሁ» ብሎ ይተወዋል፤ ያ በኋላ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይመጣም። የዋጋ ዝርዝሩ ሌላም ጉዳት አለው። ምርቱን ገና ያላየ ሰው ዋጋውን ብቻ አይቶ ሊወስን ይችላል፤ ያን ጊዜ ስብሰባው ራሱ ትርጉም ያጣል።

ልጁ በቅንነት ጠየቀኝ፦ «አንድ ሰዓት ብቻ ብጠቅስ ማስገደድ አይሆንብኝም? አማራጭ መስጠት አክብሮት መስሎኝ ነበር።»

ጥያቄው ተገቢ ነው። አክብሮቱ ግን በአማራጭ ብዛት አይለካም። አንድ ሰዓት ተጠቅሶ «ይመችዎታል?» ሲባል መልሱ «አዎ» ወይም «አይ» ነው፤ በስልክ ላይ በአንድ ቃል ይመለሳል። «አይ» ማለት እንዳይከብዳቸው ደግሞ በር የሚከፍት አንድ ሐረግ ይበቃል። ሦስት ሰዓት ሲሰጣቸው ግን ሦስቱንም ከራሳቸው መርሐ ግብር ጋር ማመሳከር አለባቸው፤ የእኛን ሥራ ለእነርሱ አሳለፍነው ማለት ነው።

በመጨረሻ የተላከው ይህ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ፣

ዛሬ ጠዋት ሳንገናኝ ቀረን፤ ሥራ በዝቶብዎት ሊሆን እንደሚችል እረዳለሁ።

ለመነጋገር ያሰብነው በሁለቱ መጋዘኖችዎ ያለው ቆጠራ ወር ሳይጠብቅ በየዕለቱ ከመዝገቡ ጋር እንዴት እንደሚታረቅ ነበር።

ሐሙስ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ለ20 ደቂቃ ብንገናኝ ይመችዎታል? ካልሆነ የሚስማማዎትን ሰዓት ይጻፉልኝ፤ በዚያው አስተካክላለሁ።

ከአክብሮት ጋር»

የላክነው አዲስ ኢሜይል ከፍተን ሳይሆን ቀድሞ ስለ ቀጠሮው በተጻጻፉበት መልእክት ላይ መልስ አድርገን ነው። ስለዚህ ርዕሱን መቀየር አላስፈለገም፤ ማን እንደ ጻፈላቸውና ስለ ምን እንደ ሆነ ከታች ማየት ይችላሉ። ስለ ድርጅታችን የሚናገረው አንቀጽ ወጥቶ በምትኩ የገባው የእርሳቸው ጉዳይ ነው፣ ያውም ራሳቸው በስልክ በተናገሩት መልክ። እኔ ከኢሜይሉ ሁሉ የምወደው ይህን መስመር ነው፤ ስብሰባው ለእርሳቸው ለምን እንደሚጠቅም ያለ ማግባባት ያስታውሳል። ደቂቃውን ከ30 ወደ 20 ያወረድነውም አንድ ነጥብ ብቻ ለማሳየት ስለ ወሰንን ነው። ብሮሹርም ዋጋም አልተያያዘም። የሐሙሱን ግብዣም አስቀድመን አልላክንም፤ ያልተስማሙበትን ቀጠሮ በሰው መርሐ ግብር ላይ ማስቀመጥ ነገሩን ወደ ግፊት ይወስደዋል።

መልሱ በዚያው ከሰዓት በኋላ መጣ፦ «ይቅርታ፣ ድንገተኛ የኦዲት ስብሰባ ተጠርቶብኝ ነው። ሐሙስ አይመቸኝም፣ ዓርብ በዚያው ሰዓት ይሁን። የመጋዘን ኃላፊያችንም ትገኛለች።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ለሻጭ ትልቅ ምልክት ናት። በሶፍትዌሩ በየቀኑ የምትሠራዋን ሰው ይዘው ለመምጣት የሚያስቡ ከሆነ ጉዳዩን ከልብ ይዘውታል። ልጁ የዓርቡን ግብዣ ወዲያው ለሁለቱም ላከ፤ ሐሙስ ማታ ደግሞ ሰዓቱንና ሊንኩን ብቻ የያዘ አንድ መስመር ማስታወሻ። ዓርብ ሁለቱም በሰዓቱ ገቡ።

ኢሜይሉ ፍላጎት የሌለውን ሰው ፈላጊ አያደርግም። ከዚያ ወዲህ ሌላ ደንበኛ በተመሳሳይ መንገድ ሲቀርብን በዚሁ መልክ ጻፍን፤ መልስ አልመጣም። ሦስት የሥራ ቀን ጠብቀን ሁለተኛ አጭር መልእክት ላክን፤ አሁንም ዝምታ። በሚቀጥለው ሳምንት የላክነው የመጨረሻው ነበር። እርሱም አንድ ጥያቄ ብቻ አለው፦ «ጉዳዩን ለጊዜው ልዝጋው?» ለዚህኛው መልስ አገኘን፤ የዘንድሮው በጀት መዘጋቱንና በሚቀጥለው የበጀት ዓመት መጀመሪያ ላይ ብንጽፍላቸው እንደሚመርጡ ነገሩን። ቀኑን በመዝገባችን ላይ አስፍረን ስማቸውን ከየሳምንቱ የክትትል ዝርዝር አወጣነው።