ሁለቱ መጠይቆች

ዛሬ ከሰዓት በኋላ በቡድን ከምንሠራው የመመረቂያ ጥናት የእኔ ድርሻ የሆነውን የውጤት ምዕራፍ ከጓደኞቼ ጽሑፍ ጋር ሳስማማ ዋልኩ። ምዕራፉ ለብቻው ሲነበብ እንከን አልነበረበትም፤ የጥናቱን ዘዴ ከጻፈችው ጓደኛዬ ምዕራፍ አጠገብ ሳስቀምጠው ግን እርሷ «አባወራዎች» ያለቻቸውን እኔ «ተጠቃሚዎች» ማለቴን፣ እርሷ የተበተኑትን 60 መጠይቆች ስትጠቅስ እኔ የተመለሱትን 58 ብቻ መያዜን አስተዋልኩ። ሁለታችንም አልተሳሳትንም፤ ነገር ግን ያልተመለሱት ሁለት መጠይቆች የትም ስላልተጠቀሱ አንባቢ ቁጥሩ የተዛባ ይመስለዋል። ልዩነቱ በመቶኛው ላይ ጎልቶ ይታያል፦ ውሃ በፈረቃ እንደሚያገኙ የገለጹት 29 አባወራዎች ከ58ቱ 50 በመቶ ሲሆኑ፣ ከ60ው ቢሰላ 48.3 በመቶ ይሆናሉ።

ደውዬላት ከተነጋገርን በኋላ ምዕራፌን «ከተበተኑት 60 መጠይቆች 58ቱ ተሞልተው ስለተመለሱ፣ ከዚህ በታች ያሉት መቶኛዎች በሙሉ የተሰሉት ከ58 ነው» በሚል ዓረፍተ ነገር ጀመርኩት። «ተጠቃሚዎች» የሚለውንም በሙሉ በእርሷ ቃል ተካሁት፤ መጠይቁ ራሱ የሚጠቀመው «አባወራ» የሚለውን ነውና። በመጨረሻም ውጤቶቹን በመግቢያው ላይ በሰፈሩት ዓላማዎች ቅደም ተከተል አደራጀኋቸው፤ መደምደሚያውን የሚጽፈው ጓደኛችን እያንዳንዱን መልስ በቦታው ያገኘዋል። የሠንጠረዦቹን ተራ ቁጥር ግን አራቱ ፋይሎች እስኪዋሃዱ ድረስ አልነካሁትም።